በሐዘኑ ወር የነጡ ጣቶች

ጣቶቼ ሲነጡ አውራ ጣቶቼ አብረው አይነጡም። ሌሎቹ ስምንቱ ናቸው። መጀመሪያ የመሀል ጣቴ ጫፍ ይነጣል፤ ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ፤ ከዚያ ሁሉም ይከተላሉ። ንጣቱ ጣቱን በክር ያሰሩት ይመስል አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከመስመሩ በታች የእኔ ቆዳ ነው። ከመስመሩ በላይ ጧፍ ነው። ቢቆነጥጡኝ አይሰማኝም። ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ እንደ ተልባ አበባ። በመጨረሻ ይቀላል፤ ሲቀላ ነው የሚያመው። ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይመታል።

ይህ የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ቤታችን ጋይንት ውስጥ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው። በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ክፍል ስደርስ እስክሪብቶ መያዝ አልችልም ነበር። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ጨርሶ ሲያጠፋው እኔ ገና ጣቶቼን እቆጥራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ብርድ ነው፣ ብርድ ደግሞ የሁሉም ነው ብዬ ነበር።

ያወቀው ወንድሜ ብቻ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ትንሽ ሳለሁ ስለሞተ ጋሼ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ እርፍ ያዘ። እኔ እንድማር ነው ይላሉ ሰዎች። እሱ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እስከ ወንዙ ድረስ ይሸኘኝ ነበር፤ በሬዎቹን ውኃ ለማጠጣት እግረ መንገዱን ነው። አንድ ቀን ወንዙ ዳር ደብተሬ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩና ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እጄን ይዞ አገላብጦ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው? የማን እጅ ነው?»

«ብርድ ነው።»

«አስገባ» አለኝ።

ጋቢውን ከፈት አደረገና ሁለቱንም እጆቼን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ክንዶቹን ገጠመ። እንደዚያ ፊት ለፊት ቆምን። በሬዎቹ ጠጥተው ጨርሰው ዞረው አዩን።

«በዚህ እጅ ሙሽራ ብትነካ በማግስቱ ትፈታሃለች» አለ። «ዳኛውም ይፈርድላታል።»

ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ስንደርስ «አስገባ» ይለኛል። እኔም አስገባለሁ። ስለ እሱ ሌላ ብዙ የሚጻፍ ነገር አለ። አሁን ግን የሚመጣልኝ ይኸው ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ጋሼ ኅዳር ላይ ሞተ። ወደ ወገዳ ገበያ ወርዶ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተረፉ። እሱ አልተረፈም። ስለ መንገዱ ሰዎች ብዙ ይናገራሉ። እኔ መንገዱን አላየሁትም። ሬሳው ጠዋት መጣ፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጉም ነበር። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጉሙን እየገፋ ፊታችን ላይ ያመጣዋል። ቃሬዛውን እንዴት ይዤው እንደሄድኩ አላስታውስም። ጣቶቼ እንጨቱ ይሰማቸው አይሰማቸው አላውቅም። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱለት። አፈሩ ተመለሰ።

በእኛ አገር ከቀብር የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ሐዘን ቤት አይገባም። በር ላይ ውኃ ይቀመጣል። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ እንስራውን ይዛ ለሁሉም እየቀዳች ታፈስላለች። ውኃው ደጅ ያደረ ነው። ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ አፈሰሰችው። ከዚያ ቆመች።

«ኧረ እጁን እዩ! ኧረ ሰዎች እጁን እዩ!»

አየሁት። ስምንቱም ነጥተዋል፤ ከሁልጊዜው የበለጠ። እስከ መዳፌ ወርዷል። ያ መስመር አለ። አክስቴ እንስራውን ለቀቀችው፤ ተሰበረ።

«ጎትቶታል! የሬሳ እጅ ሆኗል! ወንድሙ ይዞታል!»

እናቴ ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ መጣች። እስከዚያ ሰዓት ጮኻ ነበር። እጄን ስታይ ግን አልጮኸችም። አንዱን ጣቴን ይዛ ጫን አደረገችው፤ እንደ ነጣ ቀረ። ቀና ብላ ፊቴን አየች። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እሷ ያየችው ሁለተኛውን ሬሳ ነው። ልጆቿ ሁለት ነበርን።

ልናገር ፈለግኩ። እማ፣ ይኼ የድሮ ነው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው፣ ጋሼ ያውቀዋል ልላት ነበር። «ጋሼ ያውቀዋል» የሚለው ላይ አፌ ተዘጋ። ያን ቀን ብናገር ኖሮ ከዚያ በኋላ የሆነው አብዛኛው አይሆንም ነበር።

ሐዘን የራሱ ሥርዓት አለው። እናቴና እኔ ጸጉራችንን ተላጨን። መሬት ላይ ገለባ ተነጥፎልን በላዩ ተኛን። ራስ መሸፈን፣ ሞቅ ያለ ነገር መደረብ፣ እግር ማልበስ ነውር ነው። ሞቶበት የሞቀው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ይባላል። ቀን ቀን ዳሱ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ዳሱ ሦስት ጎኑ ክፍት ነው። ለቀስተኛ ከስማዳም ከእስቴም ይመጣል። እነሱ ሲመጡ እንነሣለን፣ ሲሄዱ እንቀመጣለን። ነፋሱ በተላጨው ራሴ ላይ ያልፋል።

ጣቶቼ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መንጣት ጀመሩ። ድሮ ከውርጭ በስተቀር አይመጣም ነበር፤ አሁን አንዲት ሴት የጋሼን ስም ጠርታ ስታለቅስ፣ ፀሐይ እያለ፣ ይነጣሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና ትቆጥራቸዋለች። ማልቀስ ትታ እጄን ታያለች። ብዙ ካልለመኗት እህል አትቀምስም። አክስቴ ቁራሽ ዳቦ ስታቀርብላት «የዚህኛው እስኪታወቅ» ትላለች። የዚህኛው የተባልኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ጣቶቼ ከጎህ ጀምሮ እንደ ነጡ ነበሩ። ምድጃው ላይ ፍም አለ። እጄን ዘረጋሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጠጋ አደረግኩ። አሁንም ምንም። ልክ እንደ ቀሪው ሁሉ ነገር ነው አልኩ በልቤ፤ ምንም አይሰማኝም። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረውም ነበር። አክስቴ ገብታ «ልጁ እየተቃጠለ ነው!» ብላ ስትገፈትረኝ ነው ያየሁት። የሁለት ጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጥሯል።

«እሳት የማይሰማው እጅ!» አለች ለእናቴ። «ካሁን በኋላ ምን ትጠብቂያለሽ? ጠበል ውሰጂው!»

እናቴ ወሰደችኝ። ጠበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከገደሉ ሥር ነው። ሰባት ቀን ተባለ። ገና ጎህ ሲቀድ ወርደን ልብሴን አውልቄ ቋጥኙ ሥር እቆማለሁ። ውኃው ከላይ ይወርዳል። በዙሪያው ያለው ሣር ውርጭ ነው። እጄን ወደ ላይ እዘረጋለሁ፣ የታመመው እሱ ስለሆነ። እናቴ ከጎን ቆማ ትጸልያለች፤ እሷም ባዶ ራሷን ናት፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው ቀን እጄ ነጥቶ እስከ ረፋድ ቆየ። በሁለተኛው ቀን እግሮቼም ጨመሩ፣ ጣቶቻቸው ነጡ። በአራተኛው ቀን ሰማያዊው እስከ ቀትር አልለቀቀኝም። በጠበሉ አልፈርድም፤ ጠበል ጠበል ነው። በውርጭ ሰዓት ራቁቴን እንድቆም ያደረግነው እኛ ነን። ይህን የነገሩን የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ግን የነገሩን ዘግይተው ነው፣ ምክንያቱም ማንም አልጠየቃቸውም።

በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ለኪዳን ሲመጡ ደረሱብን። በሸበቶ ጺማቸው ላይ ጉሙ ጠል ሆኗል። ልጅ ሳሉ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ የተማሩ ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ከሩቅ ይሰማል። እጄን አዩት። ከዚያ እናቴን አዩ።

«ይኼ ቁስል ምንድን ነው?»

«እሳት ነው አባ። አልተሰማውም።»

«እሳት ያልተሰማው እጅ ውርጭ ላይ ምን ያደርጋል? ጠበሉን ቅዱና ውሰዱ። ፀሐይ ስትወጣ ይጠጣ። ዛሬውኑ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

«ሰባቱ ሳይሞላ?»

«እኔ ሞልቷል ብያለሁ» አሉ። «ልበስ አንተ። ቶሎ ልበስ።»

ጤና ጣቢያው ከተማ ነው፣ የትምህርት ቤቴ መንገድ። ወንዙን ተሻገርን። እናቴ ከፊቴ ትሄዳለች። ወንዙ ዳር ቆሜ ነበር መሰለኝ፤ «ና» አለችኝ።

መቀመጫው የብረት ነው። እጄን በብረቱ ላይ አስደግፌ ስለጠበቅኩ ተራዬ ሲደርስ ጣቶቼ ነጥተው ነበር። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። በጸጉሬና በእናቴ ጸጉር ሐዘናችንን ዐውቃለች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። ከዚያ እጄን አየችና ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተች።

«ሁልጊዜ ሁለቱም እጆች ናቸው?»

«ሁለቱም።»

«መቼ ጀመረህ?»

እናቴን አላየኋትም። «ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ» አልኩ።

እናቴ ስትዞር ተሰማኝ።

«መገጣጠሚያህን ያምሃል? የፊትህና የእጅህ ቆዳ ጠንከር፣ ሳብ ብሎብሃል? ስትውጥ ይይዝሃል? ከዚህ ከእሳቱ በፊት ጣትህ ላይ ቁስል ወጥቶ ያውቃል?»

«የለም።»

«መድኃኒት የምትወስደው አለ? ሲጋራ?»

«የለም።»

«በመዶሻ ወይም በሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ትሠራለህ?»

«አልሠራም።»

ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየች፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ በብርሃን እያጋደለች አየች። የክንዴን ትርታ ያዘች። የደም ግፊቴን ለካች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«እናቴ፣ ይኼን እጅ ይዩልኝ። አሁን ምን ይመስላል?»

«ሬሳ» አለች እናቴ።

መርማሪዋ ከማንቆርቆሪያ ውኃ በሣህን ቀዳች፤ ቀዝቃዛ ጨመረችበት፤ ክርኗን ነከረችና ለካችው።

«ለብ ያለ ብቻ ነው» አለች። «ፍል ውኃ አይሆንም፣ እሳትም አይሆንም፤ ጣቱ ስለደነዘዘ ሲያቃጥለው አያውቅም። ያቃጠለውም ይኼው ነው። አስገባ።»

አስገባ የጋሼ ቃል ነው። የተቃጠሉትን ጫፎች ከውኃው በላይ አድርጌ እጄን ነከርኩ።

«አሁን ይዩ እናቴ። ዓይንዎን አይንቀሉ።»

እናቴ ጎንበስ አለች። ሦስታችንም ሣህኑን አየን። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ነጩ ወደ ሰማያዊ ሄደ። እናቴ ክንዴን ጨበጠች። «ይቆዩ» አለች መርማሪዋ። ከሥር፣ ከመዳፌ በኩል፣ ቅላት መጣ። መስመሩ እያፈገፈገ ወደ ጫፍ ሄደ። ይወጋኝ ጀመር።

«ብርድ ሲነካው የማንም ሰው ደም ሥር ይጠባል» አለች መርማሪዋ። «የእሱ ግን ከልክ በላይ ይጠብና ደሙ ጣት ጫፍ አይደርስም። ያኔ ይነጣል። እዚያ የቀረችው ደም አየሯ ሲያልቅ ሰማያዊ ትሆናለች። ሥሩ ሲከፈት ደሙ ይመጣል፣ ይቀላል። ተመልሶ መጣ እኮ። የሞተ እጅ አይመለስም።»

«ታዲያ አሁን ለምን በዛ? ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ነው የበዛው።»

«ብርድ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ድንጋጤና ሐዘንም ያንኑ ሥር ያጠቡታል። ደግሞ ሐዘን ላይ ናችሁ፤ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ራሱ ባዶ ነው፣ መሬት ላይ ይተኛል። እጁ የሚነጣው እጁ ስለበረደው ብቻ አይደለም፤ ደረቱና ራሱ ሲበርድ ሰውነቱ ሙቀቱን ለመሀል ይሰበስባል፣ ጣት ይረሳል።»

እናቴ የተላጨውን ራሴን አየች።

«ስሙ ምንድን ነው?» አልኳት እኔ።

«ሬይኖ ይሉታል። ባንተ ዕድሜ የጀመረው፣ በሁለቱም እጅ የሆነው፣ ሌላ ምልክት የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን የሚኖር ነው። አይገድልም።» ይህን ያለችው ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ነው። «ሲብስ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ግን ሙቀት። ከቤት ሳይወጣ በፊት እጁን ይሸፍን፤ ከነጣ በኋላ አይደለም። ኮፍያ ያድርግ። ካልሲ። ስስ ስስ ልብስ ይደራርብ። የቀዘቀዘ ብረት በባዶ እጅ አይያዝ። ሲጋራ እንዳትጀምር። ቡናም ካስነሣብህ ቀንስ። ሲጀምርህ ከነፋስ ግባ፣ ክንድህን እንደ ወንጭፍ አሽከርክር፣ ደም ወደ ጫፍ ይሄዳል። ለብ ያለ ውኃ ከሌለ ደግሞ ብብትህ ውስጥ አስገባ። ከብብት የሚሻል የለም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ጋሼ ከሞተ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ አክስቴም ልቡ ደንግዟል ብላ ነበር። መርማሪዋ የደነገጠች መሰለችና «አሞህ ነው?» አለችኝ። ሲቀላ ያማል አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቁስሌን ጠርጋ አሰረችው። ስንወጣ «ሌላ ቁስል ከወጣ፣ ቆዳህ ከጠነከረ፣ መገጣጠሚያህን ካመመህ፣ ወይም አንዱ እጅ ብቻ ነጥቶ አልመለስ ካለ ሳትውል ሳታድር ና» አለችኝ።

ስንመለስ ወንዙ ጋ እናቴ ቆመች።

«ዘጠነኛ ክፍል» አለች።

«አዎ።»

«ለእኔ ያልነገርከኝ ምን በድዬህ ነው?»

«ብርድ መስሎኝ ነው።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«እዚህ ጋ ሲደርስ ያሞቀኝ ነበር» አልኩ። የት እንደሚያሞቀኝ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም።

ቤት ስንደርስ ችግሩ ኮፍያው ሆነ። መርማሪዋ ብላለች፤ እናቴም የድሮ የሱፍ ኮፍያ ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። አደረግኩት። አክስቴ ዳሱ ውስጥ በለቀስተኛ ፊት አየችኝ።

«እሰይ! የወንድሙ አፈር ሳይረጋ ሙሽራ መስሎ መጣ! ሚዜዎቹስ የት አሉ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኮፍያውን አወለቅኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ ሁለት ጊዜ ነጡ። እናቴ ሁለቱንም ጊዜ እስኪቀሉ ድረስ አየቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትለመን አንድ ቁራሽ ዳቦ በላች። ግን ገና አላመነችም፤ መርማሪዋ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ስትል ሰምቻታለሁ።

በአርባው የነፍስ አባታችን መጡ። የሟች ልብስ ለነፍስ አባት ነው የሚሰጠው። እናቴ የጋሼን ጋቢ አጥፋ አስቀምጣው ነበር። ያው ጋቢ ነው። ልታስረክባቸው ተነሣችና ጋቢውን ይዛ ቆመች። ወደ እኔ አየች። ራሴ ባዶ ነው፣ ነፋስ አለ። ጋቢውን እንድትሰጠኝ ፈለግኩ። እንዳትሰጠኝም ፈለግኩ። ሰጠቻቸው።

ተቀበሉ። ጋቢውን ደረቡት፤ እንደ ታጠፈ አልያዙትም። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው፣

«አንቺ፣ ይኼ ልጅ ራሱን ሳይሸፍን ስንት ቀን ሆነው?» አሏት።

«ሐዘን ነው እንጂ አባ። ሥርዓት ነው።»

«ማን ሠራው? እኔ አላስተማርኩም። ሐኪሟ አልብሱት ብላለች አሉ። ካሁን ጀምሮ ኮፍያ የሚያስወልቀው ሰው ቢኖር ንስሐውን ከእኔ ይቀበል።»

«እኔ መች ነካሁት!» አለች አክስቴ። ማታውን ኮፍያውን ራሷ አመጣችልኝ። «ጆሮህን ሸፍን፤ እንዲህ አይደለም፤ ወደ ታች» እያለች ጎተተችብኝ።

እናቴ አርባው ካለፈ በኋላ አሮጌ ባና አወጣች። ባና ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም የደጋ ብርድ ልብስ ነው። ቆርጣ የእጅ ከረጢት ሰፋችልኝ፣ አውራ ጣቱ ብቻ የሚለይ። መልኩ አያምርም። ሲደረግ እጄ የድብ እግር ይመስላል። ከውስጥ በአሮጌ ነጠላ ገበር አደረገችለት። ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ከእሳቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ሞቆ ይደርሰኛል። መኝታዬንም ከመሬት ወደ መደብ መለሰችው። የመርማሪዋን ቃል ይዛ ደጅ ከመውጣቴ በፊት ሰውነቴን በሙሉ ታየኛለች፤ ራስ፣ አንገት፣ ወገብ፣ እግር፣ መጨረሻ ላይ እጅ።

ጥር ላይ ገብሱን መውቃት ነበረብን። ጋሼ ያጨደው ነው፤ ከመሞቱ በፊት ግማሹን አጭዶ ነበር፣ ግማሹን ጎረቤት ጨረሰው። ውቂያውን አውድማ ላይ እኔ ነኝ የማደርገው፤ በቤቱ ሌላ ወንድ የለም። እናቴ ይህን ስትፈራ ከረመች። በሬ መንዳቱ አያስፈራም፤ ፀሐይ ሲሞቅ ጀመርን፤ ድሮ ጋሼ ጎህ ሲቀድ ነበር የሚጀምረው። የሚያስፈራው ማዝራቱ ነው። እህልና ገለባ የሚለየው ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነው። ነፋስ ከሌለ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ነፋሱ ሲመጣ ቆሞ መንሹን ወደ ላይ መወርወር ነው። ነፋሱ ደግሞ ከጉና ነው የሚመጣው።

ከሰዓት በኋላ መጣ። አምስት ጎረቤቶች ሊያግዙን መጥተው ነበር። በባናው ከረጢት መንሹን ያዝኩ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ፣

«ልጁ ጅብ ሊገድል ነው እንዴ የተዘጋጀው?» አለ።

«ቦክሰኛ ነው፣ ተወው» አለ ሌላው።

ሣቅ ሆነ። እኔም ሣቅኩ መሰለኝ። ከረጢቱ መንሹን ያንሸራትታል፤ ገለባው ይገባበታል። ጥቂት ከሠራሁ በኋላ አወለቅኩት። ይኼ ጥፋቴ ነው። ነፋሱ በረታ። ገለባው ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ገብሱ ከእግራችን ሥር ወደቀ። ጋሼ ያጨደው ገብስ ነው ብዬ አሰብኩ። እሱን ባሰብኩበት ቅጽበት የመሀል ጣቴ ነጣ። ከዚያ ሁሉም።

መንሹ ወደቀ። ቀልደኛው ሰውዬ መጀመሪያ አየ።

«ኧረ! ኧረ እጁ! ደም የለውም!»

ሁሉም መንሻቸውን ያዙ፣ ቆሙ። አክስቴ ከገለባው ክምር ማዶ ስትመጣ አየሁ፤ አፏ ተከፍቷል። እናቴ ግን ቀደመቻት። አልሮጠችም። አልጮኸችም። ክንዴን ይዛ ነፋሱ ወደማይደርስበት ወደ ክምሩ ጥግ ወሰደችኝ፤ ኮፍያዬን ወደ ጆሮዬ ሳበችው። ነጠላዋን ከፈተች።

«አስገባ» አለችኝ።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከየት እንደሚያገኘው አላውቅም። ነግሬያት አላውቅም። እጆቼን ብብቷ ውስጥ ከተትኩ። ገጠመቻቸው። ከእኔ ታጥራለች፤ ግንባሯ ደረቴ ጋ ነው። የተላጨው ጸጉሯ ማደግ ጀምሯል፣ አገጬን ይወጋኛል።

ጎረቤቶቹ ዙሪያችንን ቆሙ።

«ሰው እንጥራ?» አለ ቀልደኛው፤ አሁን አይቀልድም። «ቄስ? ሐኪም?»

«የለም» አለች እናቴ። «ቆዩ።»

ቆዩ። ነፋሱ ሰው በሌለበት አውድማ ላይ ይነፍሳል፤ ገብሱ ሳይለይ ተቀምጧል። እናቴ እንደ ጸሎት ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ከዚያ መወጋት ተሰማኝ፤ መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። አንዱን እጄን አወጣችና አየችው። ሰማያዊ ነበር።

«ገና ነው» አለች፤ መለሰችው።

አክስቴ ከጀርባዋ «እህህ…» ማለት ጀመረች።

«አትልቀሺ» አለቻት እናቴ ሳትዞር። «ይኼ የሚመለስ ነው።»

ሁለተኛ ጊዜ ስታወጣው ቀልቶ ነበር። አገላብጣ ለጎረቤቶቹ አሳየቻቸው፤ አንድ በአንድ፣ ስምንቱንም። ከዚያ ባናውን ከመሬት አንሥታ ገለባውን አራገፈችና አጠለቀችልኝ።

«ይህን እንዳታወልቅ። ነፋሱ ሳይቆም ሥራህን ጨርስ።»

መንሹን አነሣሁ። እንዳይንሸራተት ሁለቴ ጨበጥኩት። በባናው ውስጥ ሆኖ እጀታው አይሰማኝም፤ የሚሰማኝ ክብደቱ ብቻ ነው። ገብሱ እስኪለይ ድረስ እናቴ ከክምሩ ጥግ ተቀምጣ አየችኝ። እጄን ሳይሆን የምወረውረውን።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስቆም የነፍስ አባታችን የጋሼን ጋቢ ደርበው ከፊቴ ያልፋሉ። ጋቢው ላይ በቀኝ ብብታቸው በኩል የተሰፋ ቦታ አለ፤ ጋሼ አጥር ላይ ቀዶት እናቴ የሰፋችው ነው። አየዋለሁ። እጄን በራሴ ብብት ውስጥ አስገብቼ እቆማለሁ።